ዓድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2? የምንጣላባት አንድ ቀን የት ገባች?

በየዓመቱ የካቲት ሲጋመስ የማይቀር ጠብ አለ። አንዱ የምኒልክንና የጣይቱን ፎቶ ለጥፎ «የካቲት 23፣ ማርች 2፣ እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው ከሥር ይመጣና የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገጽ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጣል። መጽሐፉ የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። «ፈረንጆቹ ሽንፈታቸውን ለማድበስበስ ቀኑን አዛብተው ጻፉት» የሚል ይነሳል። «የራሳችንን ድል እንኳ በቀኑ ማክበር አቃተን» የሚል ይመልስለታል። ስድብ ይከተላል። ጣሊያን ተረስቶ እርስ በርሳችን እንዋጋለን።

እኔ በሒሳብ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ጊዜ ሞልቶኛል፣ ወረቀትና እስክሪብቶም አለኝ። ዘንድሮ ከምሳደብ ልቁጠረው ብዬ ቆጠርኩት። ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ማንም አልዋሸም። ይሄ እንዴት እንደሚሆን ግን ማወቅ አለብን፣ ምክንያቱም ሳናውቅ የምንጽፈው ነገር እኛኑ ነው የሚያስቀው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሌሎች ቀኖችን መፈተሽ ነው። ፈረንጅ ዓድዋን ብቻ ነጥሎ አዛብቶ ከሆነ ሌሎቹ ልክ መሆን አለባቸው አይደል? የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ሜይ 2 ቀን 1889። አሁን ስልካችሁን ከፍታችሁ ሚያዝያ 25 ስንት ላይ እንደሚውል እዩ። ሜይ 3 ይላችኋል። አንድ ቀን ልዩነት። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የተሰዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ የእንግሊዞቹ ታሪክ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ይለዋል። ዛሬ ግን ሚያዝያ 6 የሚውለው ኤፕሪል 14 ላይ ነው። እንደገና አንድ ቀን። መቅደላ ላይ ደግሞ እንግሊዝ አሸናፊ ነበር፤ ምን አሳፍሮት ቀን ይደብቃል?

ቀጥዬ ወደ እኛ ቀረብ ያሉትን አየሁ። የሰማዕታት ቀን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937። ዘንድሮም የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 19 ነው፣ ልክክ ይላል። የአርበኞች ድል ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ሜይ 5 ቀን 1941። ዛሬም ሚያዝያ 27 ማለት ሜይ 5 ነው። እነዚህ ላይ ጠብ ሲነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም፣ ምክንያቱም የሚያጣላ ነገር የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። የቆዩት ሁሉ በአንድ ቀን ያንሳሉ፣ የቅርቦቹ ሁሉ ይገጥማሉ። ይሄ የአንድ ጸሐፊ ተንኮል አይደለም። ከዓድዋ በኋላ፣ ከየካቲት 12 በፊት፣ መካከል የሆነ ቦታ ላይ አንድ ቀን ጠፍታለች። እና ከማን ነው የጠፋችው፣ ከእኛ ወይስ ከእነሱ?

ከእነሱ ነው። የጠፋችው ቀን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 ናት። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንደዚህ የምትባል ቀን ኖራ አታውቅም።

ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው «ፌብሩዋሪ በአራት ዓመት አንዴ 29 ትሆናለች» የሚለውን ነው። ዓመቱን ለ4 ታካፍላለህ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ 29 ነው። 1900 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ 29 መሆን ነበረባት። ግን የፈረንጁ ሕግ ሁለተኛ መስመር አለው፤ ዓመቱ በሁለት ዜሮ የሚያልቅ ከሆነ፣ ማለትም 1700፣ 1800፣ 1900 ከሆነ፣ ተጨማሪዋ ቀን ትቀራለች። ሦስተኛም መስመር አለው፤ በሁለት ዜሮ የሚያልቀው ዓመት ለ400 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ቀኗ ትመለሳለች። 1600 እና 2000 ለ400 ስለሚካፈሉ 29 ነበራቸው። 1900 ለ400 ሲካፈል 300 ይተርፋል፣ ስለዚህ 28 ላይ ቆመ። ሁለተኛውን መስመር የማያውቁ ብዙ ናቸው፣ ትልልቅ ሶፍትዌሮች ሳይቀሩ። ኮምፒውተር ያላችሁ ኤክሴል ክፈቱና ይቺን ጻፉ፦

```
=DATE(1900,2,29)
```

ኤክሴል ምንም ሳያፍር ፌብሩዋሪ 29፣ 1900 ብሎ ያወጣላችኋል። የሌለች ቀን። ድሮ ከሌላ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማ ተብሎ የገባ ስሕተት ነው፣ እስካሁን አልተነሳም።

አሁን ይሄን ወደ ዓድዋ እናምጣው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ቀን፣ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። አንደኛው ዓመት፣ የካቲት 23 ቀን 1889፣ ማርች 1 ላይ ዋለ። ሁለተኛውም ማርች 1። ሦስተኛው፣ የ1891ዱ፣ ማርች 1 ቀን 1899። አራተኛው ዓመት ሲደርስ የእኛ ቀን ቆጠራ እንደ ወትሮው ቀጠለ፤ የካቲት 20፣ 21፣ 22፣ 23። እነሱ ግን እንደ ወትሮው ቢሆን 28፣ 29፣ 1 ማለት የነበረባቸውን 28፣ 1፣ 2 ብለው ዘለሉት። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1892 ዓ.ም. ማርች 2 ቀን 1900 ላይ ዋለ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስካሁን ማርች 2 ነው። እኛ ቀኑን አላንቀሳቀስንም፤ የካቲት 23 የካቲት 23 ነው። የእነሱ ማርች ነው አንድ እርምጃ የሄደው። መጽሐፉ ማርች 1 ሲል ያን ቀን በሮም ጋዜጣ ላይ የነበረውን ቀን ነው የሚነግርህ። አንተ ማርች 2 ስትል ዛሬ ስልክህ ላይ ያለውን። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ስድቡ ብቻ ነው ትርፉ።

እሺ፣ እነሱ ለምን ይሄን ያህል ተጨነቁ?

ምድር ፀሐይን ዞራ ለመጨረስ የሚፈጅባት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ሙሉ አይደለም። 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገደማ ከጥቂት ሴኮንድ ነው። በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን ስንጨምር በየዓመቱ 6 ሰዓት ሙሉ እንደተረፈ አድርገን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ 11 ደቂቃ ያህል አብዝተን እንከፍላለን። 11 ደቂቃ ምንም አይደለም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያልቅ ነው። ግን ለ128 ዓመት ብታጠራቅመው አንድ ሙሉ ቀን ይወጣዋል። በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት የጸደይ ቀን ማርች 21 አካባቢ ነበር። በ1582 ማርች 11 ላይ ደርሷል። የትንሣኤ በዓላቸው ደግሞ በዚያ ቀን ላይ የተመሠረተ ነው። ሊቀ ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ አሥር ቀን ቆርጠው ጣሉ፤ ሐሙስ ኦክቶበር 4 ያደረ ሰው በማግስቱ ዓርብ ሲነሳ ኦክቶበር 15 ሆኖ አገኘው። ለወደፊቱ እንዳይደገም ደግሞ ከ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ቀን የሚያስቀር ሕግ አወጡ፤ የሁለት ዜሮው ሕግ ማለት ይሄ ነው። ሦስት ቀን የሆነው 11 ደቂቃው በ400 ዓመት ሲባዛ ሦስት ቀን ከሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚመጣ ነው። ሦስቱ ሰዓት አሁንም ትርፍ ናት፣ የእነሱም ፍጹም አይደለም።

ሁሉም ወዲያው አልተቀበለውም። እንግሊዝ እስከ 1752፣ ሩሲያ እስከ 1918 ቆይተዋል። የሩሲያ «የጥቅምት አብዮት» በኖቬምበር 7 የሚከበረው ለዚሁ ነው፤ ሲፈነዳ በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ነበር። ማለቴ፣ በቀን የሚጨቃጨቁት እኛ ብቻ አይደለንም።

የእኛ ሕግ አንድ መስመር ብቻ ነው። አራቱ ወንጌላውያን በተራ ይገባሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። የሉቃስ ዓመት ሲያልቅ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፣ በማግስቱ ዮሐንስ ይገባል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለ4 ታካፍላለህ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 5500 ራሱ ለ4 ስለሚካፈል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳትደምረውም ትደርስበታለህ። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜ 6 ሆነች። ቀጣዩ 2019 ነው። ሚሊኒየሙን ያስታወሳችሁ ደግሞ፣ በዓሉ ሴፕቴምበር 12 የዋለው 1999 ሉቃስ ስለነበረ ነው። በሁለት ዜሮ የሚያልቅ ዓመት እዚህ የተለየ ሥልጣን የለውም። የሚቀር ቀን የለም። ይሄን ሕግ ከእኛ ጋር የግብፅ ኮፕቶችም እንዳለ ይዘውታል፤ መስከረም 1 እና የእነሱ ቱት 1 አንድ ቀን ናቸው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በየገጹ የሚዞር ጽሑፍ አለ፤ «የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጅ ይረቃል፣ በየ600 ዓመቱ ጳጉሜ 7 ትሆናለች፣ እነሱ ይሄን የት ያውቁታል» የሚል። እኔም አንድ ጊዜ ሼር አድርጌዋለሁ፣ አልክድም። መነሻው ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት ነው። ዓመቱ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ይባላል። 15ቱ ኬክሮስ ሩብ ቀን ነው፣ በአራት ዓመት ጳጉሜ 6ን ይወልዳል። 6ቱ ካልዒት በ600 ዓመት 3600 ይሆናል፣ ይሄም አንድ ዕለት። ስሌቱ ያምራል። ችግሩ አቅጣጫው ነው። እኛ አሁን ባለንበት በየዓመቱ 11 ደቂቃ አብዝተናል። ፀሐይ የምትለን «ቀንሱ» ነው፤ ጳጉሜ 7 ግን «ጨምሩ» ትላለች። ብናደርገው ስሕተቱ ይብስ ነበር። ደግሞም በተግባር አልገባችም። ገብታ ቢሆን ኖሮ መስከረም 1ና ቱት 1 ከኮፕቶች ጋር በአንድ ቀን ይለያዩ ነበር፤ አልተለያዩም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ይሄን ጽሑፍ የምታዞሩ ልጆች፣ ከዚህ በኋላ ተዉት። የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን አግኝቶ በሕዝብ ፊት ያፍረከርከዋል፣ እሱን ተከትሎ ስለ ዓድዋ የጻፋችሁትን እውነትም ማንም አያምነውም።

(ሰባት ስምንቱ ዓመት ልዩነትስ ለምትሉኝ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ክርስቶስ የተወለደበትን ዓመት ከመቁጠር የመጣ ነው፣ ከጳጉሜ ጋር አይገናኝም።)

ይሄ ነገር ለእኔ የኮሜንት ክርክር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አይደለም።

የተወለድኩት ኅዳር 12 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት። ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ዕድል አግኝቼ ሰነድ ሳስገባ ተመለሰብኝ። መታወቂያዬ ኖቬምበር 22 ቀን 1999 ይላል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት የልደት ምስክር ወረቀት ኖቬምበር 21። «ሁለት ቀን የተወለደ ሰው አንቀበልም» አለችኝ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ፤ ለቀልድ ነው፣ ግን አልተቀበለችኝም። ወረቀቱን ወደሰጠኝ ቢሮ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ ኅዳር ላይ የሚደመረው 9 ነው» አለኝ ሰውዬው። «12 ሲደመር 9፣ 21። መታወቂያህ ነው የተሳሳተው።»

«በዮሐንስ 10 ነው የሚደመረው ጋሼ። ጳጉሜ 6 ነበረች እኮ።»

«እኔ ስንት ዓመት ስሠራ ነው 9 የሚደመረው?»

እውነቱን ነው፣ ከአራት ዓመት ሦስቱን 9 ነው። በተለመደው ዓመት ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 ላይ ይውላል። 1991 ግን የሉቃስ ዓመት ነበር፤ ጳጉሜ 6 ስለነበረች የ1992 መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ተገፋች። እነሱ ተጨማሪ ቀናቸውን የሚያስገቡት ከስድስት ወር በኋላ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ እኛ በአንድ ቀን ቀድመን እንቆያለን፤ ፌብሩዋሪ 29 ስትገባ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ከየካቲት 22 ጀምሮ እንደ ድሮው ነው። በ1984፣ በ1988፣ በ1992፣ በ1996፣ በ2000 ዓ.ም. በእነዚህ ወራት የተወለዳችሁ ልጆች ሰነዳችሁን አውጥታችሁ እዩ። ብዙዎቻችሁ ላይ አንድ ቀን ተበልታለች።

ይሄንኑ ክስተት ሁላችሁም በበዓል ታውቁታላችሁ፣ ልብ አላላችሁትም እንጂ። በዮሐንስ ዘመን ገና ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። ከመጋቢት 29 ብሥራት እስከ ልደት 275 ቀን መሙላት አለበት፤ ጳጉሜ አንድ ስትጨምር ቆጠራው 28 ላይ ይሞላል። ጥምቀት ግን ጥር 11ን ስለማይለቅ በፈረንጁ ከ19 ወደ 20 ይገፋል። አባቶች ይሄን ሁሉ ያለ ስልክ ያውቁት ነበር። እኔ በዲግሪ ተመርቄ ሰነዴ እስኪመለስ አላወቅኩትም።

ማን ልክ እንደሆነ የሚያሳይ ቀላል መንገድ አለ፣ የሳምንቱ ቀን። የወርና የዓመት ቁጥር ይለያያል እንጂ ሰኞ በሁሉም ዘንድ ሰኞ ነው፤ ጎርጎርዮስም አሥር ቀን ሲቆርጡ ሳምንቱን አልነኩም። ኖቬምበር 21 ቀን 1999 እሑድ ነበር፣ 22 ሰኞ። እማዬን ጠየቅኳት።

«እማ፣ እኔን የወለድሽኝ ዕለት ቀኑ ምን ነበር?»

«ሚካኤል ነዋ።»

«ሚካኤልማ ነው፣ ከሳምንቱ?»

«ሰኞ። እሑድ ዕለት ለበዓሉ ዳቦ ደፍቼ፣ በማግስቱ ሳልቀምሰው ያዘኝ። አባትህ ብቻውን በላው።»

ሰኞ። መታወቂያው ልክ ነው፣ የምስክር ወረቀቱ ተሳስቷል። ይሄን ለቢሮው ስነግር «የእናትህን ዳቦ ማስረጃ ማድረግ አንችልም» ተባልኩ። እርምት ለማስገባት ሦስት ወር ፈጀብኝ፣ ሥራውም ሄደ። ቂም አልያዝኩም፤ ሰውዬው የሚጠላኝ ሆኖ አይደለም፣ ማንም ጠረጴዛው ላይ አራቱን ወንጌላውያን የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ አላስቀመጠለትም።

በነገራችን ላይ እኔ በተወለድኩ በሦስት ወሬ አንድ ነገር ሆኗል፣ ማንም ያላስተዋለው። ፌብሩዋሪ 2000 መጣች። በሁለት ዜሮ ታልቃለች፣ እንደ 1900 ብትቀር ኖሮ የካቲት 23 ወደ ማርች 3፣ እንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሄዱ ነበር። 2000 ለ400 ስለሚካፈል 29 ሆነች፣ ምንም ሳይነቃነቅ አለፈ። ለዚህ ነው የእኛ ትውልድ «እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው» የሚለውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የያዘው። አይደለም። ጎርጎርዮስ ሕጉን ሲያወጡ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 8 ላይ ነበር። ከ1700 በኋላ 9፣ ከ1800 በኋላ 10፣ ከ1900 በኋላ 11።

ታዲያ እኛም የሁለት ዜሮውን ሕግ እንቀበል? ይሄን የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። የእኔ መልስ አይሆንም ነው። ምክንያቴ ግን «የእኛ ከፀሐይ ጋር ይበልጥ ይገጥማል» አይደለም፤ አይገጥምም፣ በ128 ዓመት አንድ ቀን እየራቅን ነው፣ በዚህ አንዋሽ። ምክንያቴ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ጾሙም በዓሉም ሰንሰለት ሆኖ የተሠራው በዚህ ቆጠራ ላይ ነው፤ አንዱን ቀለበት ብታወጣ ገናን፣ ፋሲካን፣ ከኮፕቶች ጋር ያለንን አንድነት ሁሉ እንደገና መሥራት አለብህ። ለአንድ ቀን ብለህ። ሁለተኛ፣ የማይቋረጥ ቆጠራ የራሱ ጥቅም አለው። አራት የእኛ ዓመት ሁልጊዜ 1461 ቀን ነው። ከመቅደላ እስከ ዓድዋ፣ ከዓድዋ እስከ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ በእርሳስ ታወጣዋለህ፤ «እዚህ ጋ መቶ ዓመት አልፏል ወይ? ለ400 ይካፈላል ወይ?» የለም። የሥነ ፈለክ ሰዎች ራሳቸው የብርሃን ዓመትን ሲለኩ የሚጠቀሙት 365.25 ቀን ያለውን ዓመት ነው፣ ማለትም የእኛን ዓይነት። ቅልጥፍናው ስለሚበጃቸው ነው።

የምቃወመው አሁን የያዝነውን ዝርክርክነት ነው። የእኛን ቀን እንደ ጌጥ ከላይ እንጽፋለን፣ ሥራው ሲመጣ በፈረንጁ እንሠራለን፣ መካከል ያለውን ድልድይ ደግሞ «9 ደምር» በሚል ሰው ወይም ማን እንደሠራው በማይታወቅ አፕ እናስሻግራለን። አፑን ፈትኑት። የካቲት 23 ቀን 1888 ብላችሁ አስገቡ። ማርች 1 ቀን 1896፣ እሑድ ካለ የመቶ ዓመቱን ሕግ ያውቃል ማለት ነው። ማርች 2 ካለ የዘንድሮን ልዩነት ወደ ኋላ ጎትቶ ነው የሚደምረው። አጥፉት። ሁለተኛ ፈተና፦ ኅዳር 12 ቀን 1992። ሰኞ፣ ኖቬምበር 22 ካላለ ያው የቢሮው ሰውዬ ነው።

ታሪክ ስትለጥፉም እንደዚሁ። ከየካቲት 1792 በኋላ፣ ከየካቲት 1892 በፊት ለሆነ ነገር የፈረንጁን ቀን መጻፍ ከፈለጋችሁ ከዛሬው አንድ ቀን ቀንሱ። ለበዓሉ ከሆነ ዛሬ የሚውልበትን ጻፉ። «ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ያኔ ማርች 1 ነበር፣ ዘንድሮ ማርች 2 ይከበራል» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ምንም አይከብድም፣ ጠቡንም ከሥሩ ይቆርጠዋል።

ቀጣዩ ዝላይ ፌብሩዋሪ 2100 ነው። 2100 ለ400 አይካፈልም፣ 28 ላይ ይቆማል። የካቲት 23 ቀን 2092 ዓ.ም. ማርች 3 ይውላል፣ ረቡዕ ቀን። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ገና ጃኑዋሪ 8። ዘንድሮ የተወለደችው የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ 74 ዓመቷ ነው። አንዱ ጎረምሳ «ማርች 2 ነበር እኮ፣ ማን ቀየረው?» ብሎ ሲጨቃጨቅ ትሰማለች። ከወዲሁ ወረቀት ላይ ጽፌ ከክርስትና ፎቶዋ ጋር አስቀምጬላታለሁ።